ስታክና ሂፕን በአማርኛ ምን እንበላቸው? ስለ ዳታ መዋቅር ምዕራፍ የቀረበ ጥያቄ

ተርጓሚ ከቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። ከባልደረቦቼ ጋር አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ብዙም ሳንቸገር አልፈናቸዋል፤ ለምሳሌ «ተለዋዋጭ» የሚለውን ቃል ተማሪው ከሒሳብ ትምህርቱ ይዞት ስለሚመጣ አዲስ ስም ማውጣት አላስፈለገንም። ሥራው የከበደን የዳታ መዋቅር ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ሦስት ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ። ስታክ በመጨረሻ የገባው ቀድሞ የሚወጣበት ነው። ኪው ደግሞ ቀድሞ የገባው ቀድሞ የሚወጣበት ነው። ሂፕ ከሁለቱም ይለያል፤ ማን መቼ ገባ የሚለው አያገባውም፣ ሥራው ከያዛቸው ዋጋዎች ሁሉ ትንሹን ምንጊዜም አናቱ ላይ ማኖር ነው። በረቂቃችን ስታክን «ቁልል»፣ ኪውን «ወረፋ»፣ ሂፕን «ክምር» አልናቸው።

ረቂቁን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ግቢ ለማስጠናቸው ተማሪዎች ሰጠኋቸውና ያነበቡትን በሥዕል እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። ወረፋን ሁሉም በትክክል ሣሉት። ለቁልልና ለክምር ግን አብዛኞቹ ያወጡት ሥዕል አንድ ነበር፤ ከታች ሰፍቶ ከላይ የሾለ የድንጋይ ወይም የእህል ጉብታ። አንዲት ተማሪ «ከክምሩ አናት ያለውን እናነሳለን» የሚለውን አንብባ፣ 7 እና 3 እና 9 በቅደም ተከተል ቢገቡ መጀመሪያ የሚነሳው 9 ነው ብላ ጻፈች። መልሱ 3 መሆን ነበረበት። ልጅቷ አላጠፋችም፤ ቃሉ የተሸከመውን ሥዕል በታማኝነት ተከትላ ነው የሄደችው።

ስለዚህ ሁለቱንም እንዋስ፣ ሁለቱንም በአማርኛ እንሰይም፣ ወይስ አንዱን ተውሰን ሌላውን እንሰይም? አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ሥርወ ቃል

እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ የታወቀ ነው፤ መዋስ አያስፈልግም። የተዋሰ ቃል ስም ሆኖ ቢገባም ግሥ አይወጣውም፣ ስለዚህ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይሰናከላል። እስቲ ከአንድ የሥልጠና ጽሑፍ ላይ ያየሁትን አንብቡ፦ «ፑሽ የተደረገው ኤለመንት ፖፕ ከመደረጉ በፊት ሌላ ኤለመንት ፑሽ ከተደረገ…» ይህን አማርኛ ነው የሚለኝ ካለ ይከራከረኝ። «የተደረበው አባል ከመነሳቱ በፊት ሌላ ከተደረበበት…» ቢባል ምን ጎደለ? ደረበ ከተባለ ደራቢ፣ ተደራቢ፣ መደረብ፣ አስደረበ ሁሉ ያለ ልፋት ይከተላሉ። ቁልልና ክምር ከተጋጩ ደግሞ ግእዝ ሰፊ ነው፤ ፈልጎ ማግኘት እንጂ ማማረር ምን ያደርጋል።

ይርጋ ዘመዝገብ

በጡረታ እስከወጣሁ ድረስ እንጀራዬ የመዝገበ ቃላት ሥራ ስለነበረ ጥቂት ልበል።

ሥርወ ቃል ያነሳው ነጥብ ግማሹ ትክክል ነው። በ«አደረገ» የሚጎተት ግሥ በአንድ ገጽ ላይ ሲደጋገም አንባቢን እንደሚያደክም አያከራክርም። የተዋሰ ቃል ግሥ አይወጣውም የሚለው ግን ልክ አይደለም። ፊርማ ከጣልያንኛ መጥቶ ዛሬ ፈረመ፣ ፈራሚ፣ ተፈራረመ፣ አስፈረመ እያልን እናረባዋለን፤ ባዕድነቱን የሚያስታውስ ሰው የለም። ይህ የሆነው ግን ቃሉ በሦስት ተነባቢዎች ስለተመቸና ዘመንም ስለተሰጠው ነው። ተርጓሚ ያን ዘመን ሊጠብቅ አይችልም፣ መጽሐፉ ዘንድሮ መነበብ አለበትና።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ቁልልና ክምር በመጋጨታቸው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ፈረንሳዮች ስታክን ፒል፣ ሂፕን ታ ይሏቸዋል፤ በዕለት ንግግር ሁለቱም ቃላት የተከመረ ነገርን ይጠራሉ፣ ብቻ ፒል በሥርዓት የተደራረበውን፣ ታ የተዝረከረከውን ያመለክታል። እነርሱ በዚህች ልዩነት ይኖራሉ። በአማርኛ በቁልልና በክምር መካከል እንዲህ ያለ የሥርዓት ልዩነት ስለሌለ ተማሪዎቹ አንድ ሥዕል መሣላቸው አይገርመኝም። ጀርመኖች ደግሞ ጨርሶ በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ባወርና ዛመልዞን በ1957 እ.ኤ.አ. ለስታክ አሠራር የባለቤትነት መብት ሲጠይቁ የተጠቀሙበት ቃል «ኬለር» ነበር፣ ምድር ቤት እንደማለት ነው። የእንግሊዝኛውን ሥዕል መከተል ግዴታ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ሂፕን በተመለከተ ችግሩ ከእንግሊዝኛው ይጀምራል። ዊልያምስ በ1964 እ.ኤ.አ. ይህን መዋቅር ለመደርደሪያ ስልት ሲያቀርበው ስሙን ሂፕ አለው እንጂ፣ ነገሩ ጉብታ ሳይሆን ማንኛውም ወላጅ ከልጆቹ የማይበልጥበት ዛፍ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛም ስለ ነገሩ የሚነግረን እምብዛም የለም። ትርጉም የማይሰጥ ስያሜን ቃል በቃል ስንተረጉም የሌላ ሰውን ግድየለሽነት ነው የምንተረጉመው። ስለዚህ የኔ ምክር፦ ስሙ ነገሩን የሚገልጽ ከሆነ በአማርኛ ሰይሙት፣ ዝም ብሎ ምልክት ከሆነ ተዋሱት።

ባለ መጋዘኑ

ጋሽ ይርጋ፣ ሰላም ነዎት? እኔ የሲሚንቶና የብረት መጋዘን አለኝ፣ አቃቂ መግቢያ ላይ። ጥያቄው ስለ ዕቃ አያያዝ መስሎኝ ነው የገባሁት፤ ይሁንና እናንተ የምትሉት ነገር እኔን በየቀኑ ያጣላኛል። ሲሚንቶ ስናስገባ ከረጢቱን በላይ በላዩ እንደርበዋለን። ደንበኛ ሲመጣ ልጆቹ የሚያነሱት ከላይ ያለውን ነው፣ እሱም ትናንት የገባው ነው። ከታች ያለው ከወር በላይ ሲቆይ እርጥበት ይስብና ይጠጥራል፤ ስናነሳው ጥጉ በጣት ሲጫኑት አይፈርስም። ሒሳብ ሠራተኛዬ ሁልጊዜ «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» ትለኛለች፣ ልጆቹ ግን ሥር ያለውን ለማውጣት መላውን ማንሳት አለባቸው።

አሁን በኮምፒውተር የሚሠራልኝን ሰው ቀጥሬ እሱም «ይኼ ስታክ ነው፣ ኪው መሆን ነበረበት» አለኝ። ምን እንዳለኝ የገባኝ ዛሬ እዚህ ነው። ለመሆኑ ኪው እንዲሆንልኝ መደርደሪያውን እንዴት ላድርገው? በሁለት በኩል በር ቢከፈትለት ይበቃል?

ሕይወት ኮድ ጸሐፊ

ባለ መጋዘኑ፣ በአንድ በር አስገብቶ በሌላው ማውጣት በትክክል ኪው ማለት ነው፤ ከረጢቱን በላይ በላዩ ከመደረብ ይልቅ ዝቅ ባሉ ረድፎች አድርገው ከወዲያኛው ጫፍ ቢያነሱ ችግሩ ይቀላል። ስለ በሩ ግን ግንበኛ ይጠይቁ።

ተርጓሚ፣ ይኸው ምሳሌ ሳትለፉ መጣላችሁ፤ «ደረበ» እና «አነሳ» ከሰውየው አፍ ነው የወጡት።

እኔ የማነሳው ሌላ ነገር ነው። ተማሪው ምዕራፉን ካነበበ በኋላ ማሽን ፊት ይቀመጣል። እዚያ የሚያየው ይህንን ነው፦

```python
s = []
s.append("ሀ")
s.append("ለ")
print(s.pop())
```

ይህ ፕሮግራም «ለ»ን ያትማል። ልብ በሉ፣ በፓይተን ዝርዝር ላይ `push` የሚባል ትእዛዝ የለም፤ ያለው `append` ነው። ስለዚህ «ተማሪው ስክሪኑ ላይ ስለሚያየው ፑሽ እንበል» የሚለው ክርክር በፓይተን ለሚማር ሰው ከመነሻው አይሠራም። «መደረብ» ብላችሁ ብትጽፉ የሚጎዳ የለም፤ ተማሪው የትኛው ትእዛዝ እንደሚደርብ በየቋንቋው ይማራል። በጃቫ ሲሄድ `push` ያገኛል፣ ሐሳቡ ግን ያው መደረብ ነው።

ሂፕ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦

```python
import heapq
h = [7, 3, 9]
heapq.heapify(h)
print(h[0])
```

የሚታተመው 3 ነው። እዚህ ላይ የመዋቅሩ ስም ራሱ በቤተ መጻሕፍቱ ስም ውስጥ አለ፤ ተማሪው ሊያመልጠው አይችልም። መጽሐፉ ክምር እያለ ስክሪኑ ሌላ ቢል በአእምሮው ሁለት ነገር ይይዛል። ከጋሽ ይርጋ ጋር በሌላ መንገድ ተገናኘን ማለት ነው፤ ለሂፕ እኔም መዋስን እመርጣለሁ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሂፕ የሚባል ሌላም ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በጥያቄ የሚሰጠው የማህደረ ትውስታ ሥፍራ ነው፣ ከዛፉ ጋር በስም ብቻ ይገናኛል። እንግሊዝኛ አንባቢዎች እንኳ በዚህ ይሳሳታሉ። መጽሐፋችሁ ሁለቱንም «ሂፕ» ካለ የነሱን ግራ መጋባት ከቀረጥ ነፃ አስገባችሁ ማለት ነው።

ቶሌራ ከገላን

እኔ ከእናንተ ጎረቤት ነኝ፤ የተማርኩት ግን በአፋን ኦሮሞ ነው። በዚህ አካባቢ ያሉ ኮሌጆች ክፍል ውስጥ ብትገቡ ከገላን፣ ከዱከምና ከኮዬ ፈጬ የመጣ ተማሪ ሞልቷል። አማርኛን በሠፈርና በገበያ እንናገራለን፣ ስለዚህ «ደረበ»፣ «አነሳ»፣ «ወረፋ» ምንም አያስቸግሩንም። የሚከብደን ሥርወ ቃል የሚያደንቀው የግእዝ ጥምር ነው። «ማህደረ ትውስታ» እና «ስልተ ቀመር» ለኔ እንደ እንግሊዝኛው ሁለት አዳዲስ ቃላት ናቸው፤ ልዩነቱ እንግሊዝኛውን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳነበው መቆየቴ ነው። ሜሞሪ ብትሉኝ ወዲያው ይገባኛል። አንባቢያችሁ ማን እንደሆነ ሳትወስኑ ስለ ቃል መከራከር የሚቻል አይመስለኝም።

ሥርወ ቃል

ወንድሜ ቶሌራ፣ መጽሐፉ በአማርኛ ከሆነ አማርኛ መሆን አለበት። በዚህ አያያዝ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ትተን ማያያዣውን ብቻ በአማርኛ ልንጽፍ ነው።

ቶሌራ ከገላን

እንደዚያ አላልኩም። የገበያውን አማርኛ ተጠቀሙ ነው ያልኩት። ደረበ አማርኛ አይደለም?

ይርጋ ዘመዝገብ

ቶሌራ እውነት አለው፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የገበያ ቃል በነፃ አይገኝም፤ የቆየ ትርጉሙን ተሸክሞ ይመጣል። ለፖይንተር «ጠቋሚ» የሚሉ አሉ፤ በሠፈር ቋንቋ ጠቋሚ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ደግሞም ስክሪን ላይ የምትንቀሳቀሰውን ቀስት ጠቋሚ ማለት ተለምዷል። ለአሬይ «ድርድር» ያሉም አጋጥመውኛል፤ አንባቢው የሚያስበው ሁለት ወገን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ነው። «ረድፍ» ቢባል ደግሞ ሠንጠረዥ ላይ ሲደርሱ፣ ረድፍና ዓምድ ሲመጡ፣ ቃሉ ቀድሞ ተይዟል። የግእዙ ጥምር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ማህደረ ትውስታን ሰው በሌላ ነገር ስለማያውቀው ከሌላ ነገር ጋር አያምታታውም። ባዕድነቱ ዋጋው ነው፣ ጥራቱ ደግሞ ትርፉ።

ሁለት ቃላትን ለየብቻ መርጣችሁ አትጨርሱ። የአንድ ምዕራፍ ቃላት አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ሲታዩ ብቻ ነው መጋጨታቸው የሚታወቀው።

ተርጓሚ ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት የምዕራፉን ቃላት በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጠን ከባልደረቦቼ ጋር አየናቸው፤ የደረስንበትን ላስረዳ።

ሂፕ «ሂፕ» ሆኖ ይቀራል። በመግቢያው አንቀጽ ላይ ግን ወዲያውኑ «ማንኛውም ወላጅ ከልጆቹ የማይበልጥበት ዛፍ» ብለን እናስረዳለን፣ «ክምር» የሚለውን ቃል በምዕራፉ ውስጥ በጭራሽ አንጠቀምም። የማህደረ ትውስታውን ሂፕ «በጥያቄ የሚሰጥ ሥፍራ» ብለነዋል። ረዥም መሆኑን አውቃለሁ፤ በመጽሐፉ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ርዝመቱን መሸከም እንችላለን። እንግሊዝኛው በአንድ ስም የጠራቸውን ሁለት ነገሮች አማርኛው ለይቶ መጥራቱ ተማሪውን ይጠቅመዋል ብለን ተስማማን።

«ክምር» ከወጣ በኋላ «ቁልል» የሚጋጨው ስለሌለ ስታክን ቁልል ብለነዋል። ግሦቹ «ደረበ» እና «አነሳ» ናቸው። መጀመሪያ «ጫነ» ብለን ነበር፤ ነገር ግን ስልክ ላይ መተግበሪያ መጫን ስለተለመደ ተውነው። «ደረበ»ም እንከን የለሽ አይደለም፣ «ድርብ» ከሚለው ጋር ይቀራረባልና፤ በዚህ ምዕራፍ ግን ድርብ የሚባል ነገር አይመጣም። የባለ መጋዘኑን የሲሚንቶ ከረጢት ምሳሌ በፈቃዱ እንወስዳለን፤ ከታች ያለው ለምን እንደሚጠጥር ማስረዳት ቁልልና ወረፋ የሚለያዩበትን ነገር በአንድ ጊዜ ያሳያል።

ቅዳሜ ሙከራውን በአዲሶቹ ቃላት ደገምነው። በሂፕ ላይ ጉብታ የሣለ አልነበረም፤ ከፊሎቹ ዛፉን ሣሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ምንም ሳይስሉ ማብራሪያውን እንደገና አነበቡ። እንደኔ የተሳሳተ ሥዕል ይዞ ከመሄድ ባዶ እጅ ሆኖ መልሶ ማንበብ ይሻላል። አንዱ ተማሪ ግን በዛፉ ላይ ሥሩን ከታች አድርጎ ሣለው፤ በእኛ ሥዕል ደግሞ ሥሩ ከላይ ነው። ይህ የቃል ሳይሆን የልማድ ጉዳይ ስለሆነ በሥዕል መግለጫ ይፈታል።

መሠረት አራሚ

የመጻሕፍት አርታኢ ስለሆንኩ የምፈራው ማውጫውን ነው። «ሂፕ»ን አንዱ በሃሌታው «ሀ»፣ ሌላው በሐመሩ «ሐ» ቤት ይጽፈዋል፤ ማውጫው በፊደል ተራ ስለሚደረደር ያው ቃል ሁለት ቦታ ይወድቃል፣ በኮምፒውተር ሲፈለግም አንዱ ሌላውን አያገኘውም፤ ለማሽኑ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። ለተዋሱ ቃላት ምንጊዜም ሃሌታውን «ሀ»፣ እሳቱን «ሰ»፣ አልፋውን «አ» ብቻ ለመጠቀም ወስኑ። የአገር ቃላትን ግን በሥርዓተ ጽሕፈታቸው ጠብቁ፤ የዛፉ «ሥር» በንጉሡ «ሠ» ካልተጻፈ «ከዛፉ ስር» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ሁለቱ ይደባለቃሉ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። «ወረፋ» ብላችሁ ግሡን ምን አደረጋችሁት? ከወረፋ የሚረባ ግሥ የለም።

ተርጓሚ ከቱሉ ዲምቱ

ወይዘሮ መሠረት፣ የፊደሉን ሕግ ተቀብለናል። ለግሡ «ተሰለፈ» እና «ወጣ» እንላለን፤ በወረፋው ውስጥ ያለውን ደግሞ «ተሰላፊ»።

ሥርወ ቃል

ታዲያ ስሙንም «ሰልፍ» አትሉትም ነበር? ከአንድ ሥር ስምም ግሥም ይገኝ ነበር። እዚህ ላይ እንኳ ፍቀዱልኝ።

ሕይወት ኮድ ጸሐፊ

ሰልፍ ስንል ሰዎቹን ነው የምናየው፣ ወረፋ ስንል ተራውን። የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ማቆሚያ ላይ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ ይይዛል፤ ሰልፉ ውስጥ ግን የለም። ኪው የሚጠብቀው ተራውን ስለሆነ እኔ ከወረፋ ጋር ነኝ። ደግሞ ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ «ቅድሚያ ያለው ወረፋ» ይመጣል፤ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ ቀድመው የሚገቡበት ወረፋ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ሥርወ ቃል

ሰልፍም ላይ ነፍሰ ጡር ቀድማ ትገባለች። አልተረታሁም።

ይርጋ ዘመዝገብ

ሁለታችሁም የምትሉት ይሠራል። ቅድሚያ ያለው ወረፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በሂፕ ስለሆነ ተርጓሚው እዚያ ሲደርስ የኪውንም የሂፕንም ስም በአንድ አንቀጽ ውስጥ መጠቀሙ አይቀርም፤ አንቀጹን አንድ ጊዜ በ«ወረፋ»፣ አንድ ጊዜ በ«ሰልፍ» ጽፎ ለተማሪዎቹ ቢያስነብብ ይሻላል። የሚያደናቅፈውን እነሱ ያሳዩታል።

ባለ መጋዘኑ

በሩን ስለማስከፈት ግንበኛ ጠየቅሁ፤ ግድግዳው ተሸካሚ ነው አለኝ። ሁለተኛ በር ሳይኖር ወረፋ የሚሆንበት መንገድ አለ?